ማቀዝቀዣው ከተቀየረ በኋላ ግማሽ ባንድዊድዙን ያጣ ኮምፒውተር፦ ሁለት ራሞች በአንድ ቻናል ላይ

ደንበኛዬ የቤት ውስጥ ዲዛይን የሚሠሩ ባለሙያ ናቸው። የሚሠሩበት የጠረጴዛ ኮምፒውተር ራይዘን 5 5600ጂ ፕሮሰሰር፣ እያንዳንዳቸው 8 ጊጋባይት የሆኑ ሁለት ዲዲአር4-3200 ራሞች፣ እንዲሁም አራት የራም ስሎት ያለው ማዘርቦርድ አለው። ለብቻው የተገዛ የግራፊክስ ካርድ የለውም፤ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ሁሉ የሚሠራው በፕሮሰሰሩ ውስጥ የተካተተው የግራፊክስ ክፍል ነው። ኋላ እንደሚታየው ጉዳዩ የተያዘው በዚህ ነጥብ ስለሆነ አንባቢ ከወዲሁ ልብ እንዲለው እፈልጋለሁ።

ቅሬታቸው ግልጽ ነበር። የአንድን ክፍል ስሪዲ ሞዴል ከፍተው በማውሱ ሲያዞሩት ቀድሞ ያለ ችግር ይዞር የነበረው ምስል አሁን ይቆራረጣል። የተጠናቀቀውን ሥዕል አምርቶ ለማውጣት የሚፈጀው ጊዜ ግን እንደ በፊቱ ነው፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ። «ኮምፒውተሩ ደክሞ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም መዘግየት ነበረባቸው» አሉኝ፤ ትክክለኛ ትዝብት ነበር። ችግሩ የጀመረው መቼ እንደሆነ ስጠይቃቸው ከሦስት ሳምንት በፊት የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ በትልቅ ባለማማ ማቀዝቀዣ ከተቀየረ ወዲህ መሆኑን ነገሩኝ። በዚያ ቀን ከማቀዝቀዣው ሌላ የተቀየረ ነገር አለመኖሩንም አረጋገጡልኝ።

መጀመሪያ የተመረመረውና ያልተገኘው

ማቀዝቀዣ በተቀየረ ማግስት የሚመጣ ዝግታ መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ሙቀትን ነው። ማቀዝቀዣው በደንብ ካልተጣበቀ ወይም በመሃል የሚቀባው ፓስታ በበቂ ካልተዳረሰ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ ሞዴሉን ለአሥር ደቂቃ ያህል እያዞርሁ ሙቀቱን ተከታተልሁ፤ ከ66 ዲግሪ አላለፈም፤ ፍጥነቱም አልቀነሰም። አዲሱ ማቀዝቀዣ ሥራውን በሚገባ እየሠራ ነበር።

ቀጥሎ የግራፊክስ ክፍሉን ተመለከትሁ። ሞዴሉ ሲዞር የግራፊክስ ክፍሉ ሥራ ላይ የመሆን መጠን 99 በመቶ ያሳይ ነበር። ይህ ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል፤ እኔንም ለጥቂት ጊዜ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ መርቶኛል። አንድ የግራፊክስ ክፍል 99 በመቶ ሥራ ላይ ነው ሲባል የማስላት አቅሙን ሁሉ ተጠቅሟል ማለት ብቻ አይደለም። ትእዛዝ ተሰጥቶት መረጃው ከራም እስኪደርስለት እየጠበቀ የሚቆምበት ጊዜም እንደ ሥራ ይቆጠራል። ስለዚህ በስሌት የተጠመደውንና መረጃ በመጠበቅ የቆመውን ከዚህ ቁጥር ብቻ መለየት አይቻልም። ድራይቨሩን አውጥቼ እንደገና ጫንሁት፤ ለውጥ አልነበረም።

ከዚያ ወደ ራሙ መጣሁ። ዊንዶውስ 16 ጊጋባይት ራም፣ የ3200 ፍጥነት፣ ከአራቱ ስሎቶች ሁለቱ መያዛቸውን አሳየ። ሦስቱም ትክክል ናቸው። የዚህ ጥፋት አስቸጋሪነት እዚህ ላይ ነው፦ ራሞቹ በተሳሳተ ስሎት ሲገቡ መጠናቸው አይጎድልም፣ ፍጥነታቸው አይቀንስም፣ የማስጠንቀቂያ መልእክትም አይወጣም። ተጠቃሚው የሚያየው ገጽ ስለ ቻናል፣ ማለትም ራሙን ከፕሮሰሰሩ ጋር ስለሚያገናኘው የሽቦ ስብስብ፣ አንድም ቃል አይናገርም። ራሙን የመረመረ ሰው «መጠኑ ሙሉ ነው፤ ፍጥነቱም ልክ ነው» ብሎ በሰላም ሊያልፈው ይችላል።

ስለዚህ ራሞቹ የትኛው ቻናል ላይ እንደተቀመጡ በፓወርሼል ጠየቅሁ።

```
Get-CimInstance Win32_PhysicalMemory |
  Select-Object BankLabel, DeviceLocator, Capacity, ConfiguredClockSpeed
```

መልሱ ይህ ነበር።

```
BankLabel     DeviceLocator    Capacity ConfiguredClockSpeed
---------     -------------    -------- --------------------
P0 CHANNEL B  DIMM 0         8589934592                 3200
P0 CHANNEL B  DIMM 1         8589934592                 3200
```

ሁለቱም መስመሮች `CHANNEL B` ይላሉ። በ`CHANNEL A` ላይ አንድም ራም የለም። በሊኑክስ የሚሠራ ሰው ይህንኑ በ`sudo dmidecode -t memory` ትእዛዝ፣ `Locator` እና `Bank Locator` ከሚሉት መስመሮች ማንበብ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እነዚህን ስሞች የሚጽፈው የማዘርቦርዱ ባዮስ ነው፤ አንዳንድ ማዘርቦርዶች ለሁሉም ስሎት አንድ ዓይነት ስም ይሰጣሉ፣ ወይም ከእውነተኛው ቻናል ጋር የማይገናኝ ቁጥር ብቻ ያስቀምጣሉ። ስለዚህ ስሙን እንደ ጥቆማ ወስጄ ማረጋገጫውን ከልኬት ፈለግሁ።

አንድ ቻናል ምን ያህል ያሳልፋል

በሰከንድ የሚያልፈው የመረጃ መጠን ባንድዊድዝ ይባላል፤ ስሌቱም አጭር ነው። በዲዲአር4 አንድ ቻናል ለመረጃ የተመደቡ 64 ሽቦዎች አሉት፤ ይህም በአንድ ምት 8 ባይት ማለት ነው። 3200 የሚለው ቁጥር ደግሞ በሰከንድ 3200 ሚሊዮን ምት እንደሚተላለፍ ይገልጻል።

```
3200 × 8 = 25600 MB/s
```

ስለዚህ አንድ ቻናል በሰከንድ ከ25.6 ጊጋባይት በላይ ማሳለፍ አይችልም፤ ሁለት ቻናል እስከ 51.2 ይደርሳል። እነዚህ የጣሪያ ቁጥሮች ናቸው። በተግባር የሚገኘው ሁልጊዜ ዝቅ ይላል፤ ምክንያቱም ራሙ በየጊዜው ራሱን ሲያድስ፣ ከአንድ ረድፍ ወደ ሌላ ሲሸጋገር፣ እንዲሁም ከማንበብ ወደ መጻፍ ሲዞር ሽቦዎቹ ባዶ የሚሆኑባቸው ቅጽበቶች አሉ።

ይህ ጣሪያ ለመርማሪ ጥሩ መሣሪያ ነው። በዚህ ፍጥነት የሚሠራ ራም ተለክቶ ከ25.6 በላይ ከተገኘ፣ ያ ቁጥር ከአንድ ቻናል ሊመጣ ስለማይችል ሁለቱም ቻናሎች እየሠሩ ናቸው። ከ25.6 በታች ሆኖ ወደ እርሱ የተጠጋ ከሆነ ደግሞ አንድ ቻናል ብቻ እየሠራ መሆኑ ይጠረጠራል። ልኬቱ ግን ፕሮሰሰሩ ውስጥ ካለው፣ ካሽ ከሚባለው ትንሽና ፈጣን ማከማቻ እጅግ የሚበልጥ መረጃ ማንበብ አለበት፤ የዚህ ፕሮሰሰር የሦስተኛ ደረጃ ካሽ 16 ሜጋባይት ስለሆነ፣ በጥቂት ሜጋባይት የሚደረግ ልኬት ራሙን ሳይሆን ካሹን ለክቶ በጣም ትልቅ ቁጥር ይሰጣል። እኔ የተጠቀምሁበት ፕሮግራም ብዙ መቶ ሜጋባይት የሚያነብ ነበር። ውጤቱ በሰከንድ 23.1 ጊጋባይት ሆነ። ጥርጣሬው በዚህ ተረጋገጠ።

ሁለት ራም እያለ ለምን አንድ ቻናል ብቻ

ብዙ ሰው ሁለት ራም ካለ ዱዋል ቻናል፣ ማለትም የሁለት ቻናል አሠራር፣ አለ ብሎ ያስባል። ቻናል ግን የራሙ ሳይሆን የፕሮሰሰሩ ንብረት ነው። በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ሜሞሪ ኮንትሮለር ሁለት ራሳቸውን የቻሉ የሽቦ ስብስቦች አሉት፤ አንዱ ቻናል ኤ፣ ሌላው ቻናል ቢ ይባላል። አራት ስሎት ባለው የተለመደ ማዘርቦርድ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስሎቶች፣ ማለትም `A1` እና `A2`፣ ከቻናል ኤ ጋር ይገናኛሉ፤ `B1` እና `B2` ደግሞ ከቻናል ቢ ጋር። በአብዛኞቹ ማዘርቦርዶች ለፕሮሰሰሩ ቅርብ የሆነው `A1` ነው፤ የመጨረሻው `B2`።

በአንድ ቻናል ላይ ያሉ ሁለት ስሎቶች 64ቱን የመረጃ ሽቦዎች ይጋራሉ። ኮንትሮለሩ በተለየ የመምረጫ ሽቦ አማካይነት የትኛው ራም እንደሚመልስ ይወስናል፤ አንዱ መረጃ ሲያስተላልፍ ሌላው በዚያው ሽቦ ላይ ምንም መላክ አይችልም። ስለዚህ ሁለተኛው ራም በዚያው ቻናል ላይ ሲጨመር የሚያድገው የማከማቻው መጠን እንጂ የማስተላለፊያው ስፋት አይደለም። በደንበኛዬ ኮምፒውተር የቻናል ኤ 64 ሽቦዎች በሙሉ ምንም ሳያስተላልፉ ቆመው ነበር።

ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነገር ልጨምር፦ በአንድ ቻናል ላይ ያሉ ሁለት ራሞች ከአንድ ራም በመጠኑ ይሻላሉ። አንዱ ረድፉን ሲያዘጋጅ ወይም ራሱን ሲያድስ ኮንትሮለሩ ከሌላው ማንበብ ስለሚችል ባዶ የሚያልፉት ቅጽበቶች ይቀንሳሉ። በልኬቱ የተገኘው 23.1 ለጣሪያው ይህን ያህል የተጠጋው በከፊል በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ይሁንና ጣሪያው ራሱ አይነቃነቅም።

ራሞቹ በሁለቱ ቻናሎች ላይ ሲሆኑ ኮንትሮለሩ መረጃውን ያፈራርቃል። ፕሮሰሰሩ ከራም የሚያመጣው በ64 ባይት ቁራጭ ነው፤ የዲዲአር4 አንድ የማስተላለፍ ዙርም ስምንት ምት ስለሆነ፣ ስምንት ጊዜ ስምንት ባይት ልክ 64 ባይት ይሞላል። አንዱ ቁራጭ ሙሉ በሙሉ ከአንድ ቻናል ይመጣል፤ ተከታታይ ቁራጮች ግን ከአድራሻቸው በሚሰላ ደንብ በሁለቱ ቻናሎች ላይ ይበተናሉ። በ3200 ፍጥነት አንድ ቁራጭ ለመተላለፍ 2.5 ናኖሰከንድ ይፈጃል። አንድ ሺህ ቁራጮች የሚፈልግ ሥራ በአንድ ቻናል ቢያንስ 2500 ናኖሰከንድ ሲወስድ፣ በሁለት ቻናል እያንዳንዱ አምስት መቶ ቁራጭ ተካፍሎ በ1250 ይጨርሳል።

ከዚህ የምንረዳው፣ ዱዋል ቻናል የአንዷን ጥያቄ መልስ የሚያፋጥን አለመሆኑን ነው። አንዲት ቁራጭ ብቻ የጠየቀ ፕሮግራም በሁለቱም ሁኔታ ያው ጊዜ ያህል ይጠብቃል። ጥቅሙ የሚገኘው ብዙ ጥያቄ በአንድ ጊዜ ሲሰለፍ ነው።

የደንበኛዬ ትዝብትም መልሱን ያገኘው እዚህ ላይ ነው። የተጠናቀቀውን ሥዕል የሚያመርተው ፕሮግራም በፕሮሰሰሩ ኮሮች የሚሠራ ሲሆን፣ ሥዕሉን በትንንሽ ክፍሎች ከፍሎ በአንዱ ላይ ብዙ ስሌት እያደረገ ይቆያል። በአንድ ወቅት የሚያስፈልገው መረጃ አብዛኛው ካሽ ውስጥ ስለሚገባ ራሙን እምብዛም አያስቸግረውም። ሞዴሉን ማዞር ግን ፈጽሞ የተለየ ሥራ ነው። የግራፊክስ ክፍሉ የራሱ የተለየ ሜሞሪ ስለሌለው የእያንዳንዱን ገጽታ ሥዕል፣ የርቀት መረጃውን፣ የሚጻፈውንም ምስል ከዋናው ራም ያነባል፣ ወደዚያው ይጽፋል። በ1920 በ1080 ስክሪን አንድ ምስል ብቻ 8.3 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ያ ምስል ተሠርቶ እስኪያልቅ ደግሞ አንዱ ነጥብ ብዙ ጊዜ ይነበባል፣ ይጻፋል። ይህ ሁሉ በሰከንድ በአሥራዎቹ ጊዜ ይደጋገማል፤ ፕሮሰሰሩም በዚያው ሽቦ ላይ የራሱን ድርሻ ይፈልጋል። ለብቻው የቆመ የግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ቢሆን ኖሮ ካርዱ የራሱን ሜሞሪ ስለሚጠቀም ይኸው ጥፋት ለወራት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችል ነበር።

ራሞቹ እንዴት እዚያ ደረሱ

ክዳኑን ስከፍት ምክንያቱ በዓይን የሚታይ ነበር። አዲሱ ማቀዝቀዣ ከፊቱ የተሰቀለ 120 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ፋን አለው፤ ፋኑ `A1` ስሎትን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖ ጠርዙ ከ`A2` በላይ ደርሷል። የራሞቹ የብረት ልብስ ወደ 44 ሚሊሜትር ከፍታ አለው። ልብስ የሌለው ተራ ዲዲአር4 ራም ከፍታው 31 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ ከፋኑ ሥር ያለ ችግር ይገባ ነበር፤ እነዚህ ግን ፋኑን ይነካሉ። ማቀዝቀዣውን የቀየረው ባለሙያ ቦታ ሲያጣ ሁለቱንም ራሞች ፋኑ ወደማይደርስባቸው ሁለት ስሎቶች፣ ወደ `B1` እና `B2`፣ አዛውሯቸዋል። ኮምፒውተሩ ተነሣ፣ 16 ጊጋባይት አሳየ፣ ሥራው ተጠናቀቀ ተባለ።

በዚህ ሰው ላይ መፍረድ አልፈልግም፤ ያየው ችግር የቦታ ችግር ነበር፤ እርሱንም ፈትቶታል። ማዘርቦርዱም አልረዳውም፦ አራቱም ስሎቶች ጥቁር ናቸው። አንዳንድ አምራቾች አብረው መያዝ ያለባቸውን ሁለት ስሎቶች በአንድ ቀለም ይለያሉ፤ ይህኛው የስሎቶቹን ስም በጥቃቅን ነጭ ፊደል ከማተም ሌላ ምልክት የለውም፤ ያ ጽሑፍም በፋኑ ጥላ ሥር ነበር። በቀለም መመራትም ቢሆን አደጋ አለው፤ አንድ ቀለም ማለት በአንዱ ቦርድ «እነዚህን አንድ ላይ ሙላ» ማለት ሲሆን፣ በአንዳንድ የቆዩ ቦርዶች ላይ ግን «እነዚህ የአንድ ቻናል ናቸው» ማለት የሆነበት አጋጣሚ አለ። ስለዚህ አስተማማኙ በመመሪያው መጽሐፍ ውስጥ ያለው የስሎት ሰንጠረዥ ብቻ ነው። የዚህ ቦርድ መመሪያ ለሁለት ራም `A2` እና `B2` ይላል።

ለምን `A2` እና `B2`፣ ለምን `A1` እና `B1` አይደለም

ባንድዊድዙን ለማስመለስ ብቻ ከሆነ `A1` እና `B1`ም ይበቃሉ፤ ሁለቱ በተለያየ ቻናል ላይ ናቸውና። መመሪያው ሁለተኛውንና አራተኛውን የሚመርጠው በሌላ ምክንያት ነው። በብዙ ማዘርቦርዶች የቻናሉ ሽቦ ከፕሮሰሰሩ ተነሥቶ መጀመሪያ `A1`ን ይነካና ወደ `A2` ይቀጥላል፤ መጨረሻው `A2` ነው። ራሙ `A2` ላይ ሲሆን ሲግናሉ የሽቦው ጫፍ ላይ ደርሶ የሚቀበለው ያገኛል። ራሙ `A1` ላይ ሆኖ `A2` ባዶ ሲሆን ግን ከራሙ ያለፈው ሲግናል ባዶውን ጫፍ መትቶ ይመለሳል፤ ተመልሶም ቀጥሎ ከሚመጣው ምት ጋር ይደባለቃል። በዝቅተኛ ፍጥነት ይህ ላይታወቅ ይችላል፤ በ3200 እና ከዚያ በላይ ግን ኮምፒውተሩ አልነሣ ሊል፣ ወይም ይባስ ብሎ ተነሥቶ አልፎ አልፎ የተሳሳተ መረጃ ሊያነብ ይችላል።

እንግዲህ የተሳሳተ ስሎት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሁለቱን ራሞች በአንድ ቻናል ላይ ማድረግ ሲሆን፣ ፍጥነቱን ሳይነካ ስፋቱን ግማሽ ያደርጋል። ሁለተኛው ትክክለኛ ቻናሎችን ይዞ የተሳሳተውን ጫፍ መምረጥ ሲሆን፣ ስፋቱን ጠብቆ መረጋጋቱን ያናጋል። የደንበኛዬ ጉዳይ የመጀመሪያው ነው፤ እኔ ደግሞ እርሱን ሳርም ሁለተኛውን መትከል አልፈለግሁም።

ማስተካከያው

አንደኛው ራም `B2` ላይ በትክክል ተቀምጧል፤ መንቀሳቀስ የነበረበት በ`B1` ያለው ብቻ ነው። መጀመሪያ ግን ፋኑን ከ`A2` በላይ ማንሣት ያስፈልግ ነበር። እንዲህ ዓይነት ፋን ከማማው ጋር የሚያያዘው በሽቦ መቆንጠጫ ስለሆነ ቦታውን ጥቂት ከፍ ማድረግ ይቻላል። 14 ሚሊሜትር ከፍ አድርጌ መልሼ ቆነጠጥሁት፤ ከመቆንጠጤ በፊት የጎን ክዳኑ መዘጋት መቻሉን በማስመሪያ ለክቼ ነበር፤ ካልተዘጋ ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናልና።

ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ገመዱ ከተነቀለ በኋላ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጫንሁ፤ ይህ በቦርዱ ላይ የቀረውን ኤሌክትሪክ ያስወጣል። የኬዙን ብረት ነክቼ ራሙን ከ`B1` አወጣሁ፤ የታችኛው ጠርዙ ላይ ያለውን ክፍተት ከስሎቱ ጋር አስተካክዬ በ`A2` ላይ አስቀመጥሁት፤ መያዣው ቀጭ ብሎ እስኪዘጋ በሁለቱም ጫፍ እኩል ገፋሁ። በግማሽ የገባ ራም ከተሳሳተ ስሎት የተለየ ምልክት ያሳያል፦ ወይ ኮምፒውተሩ አይነሣም፣ ወይ 8 ጊጋባይት ብቻ ይቆጥራል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ ስክሪኑ ለአርባ ሰከንድ ያህል ጥቁር ሆኖ ቆየ። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ኮንትሮለሩ የራሞቹ ቦታ መቀየሩን ሲያይ የእያንዳንዱን ሽቦ ጊዜ እንደ አዲስ ይለካል። በዚህ ጊዜ ተደናግጦ ማጥፋት ተገቢ አይደለም። ሲነሣ ግን አንድ ያልጠበቅሁት ነገር አገኘሁ፦ ባዮሱ የራሙን ፍጥነት ወደ መነሻው 2133 መልሶታል። ፍጥነቱን ወደ 3200 የሚያወጣው ኤክስኤምፒ የተባለው ምርጫ ጠፍቷል።

ወዲያው መልሼ ላበራው ስል ቆም አልሁ፤ ይህ ሁኔታ በራሱ የሚያስተምር ልኬት የሚገኝበት አጋጣሚ ነበር። ሁለት ቻናል በ2133 ጣሪያው 34.1 ጊጋባይት በሰከንድ ነው፤ አንድ ቻናል በ3200 ደግሞ 25.6። ማለትም በዝግተኛ ፍጥነት የሚሠሩ ሁለት ቻናሎች በፈጣኑ ከሚሠራ አንድ ቻናል ይበልጣሉ። ለካሁት፤ 31.8 ተገኘ። ሞዴሉን ሳዞርም በጥፋቱ ጊዜ በሰከንድ 20 የነበረው ምስል 26 ሆነ። ፍጥነቱ በአንድ ሦስተኛ ቀንሶ እንኳ ሥራው ተሻሻለ። ሁሉም ሰው የሚያየው የ3200 ቁጥር ምን ያህል ትንሽ ክፍል ብቻ እንደሚናገር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ከዚያ ኤክስኤምፒን መልሼ አበራሁ። የፓወርሼሉ መልስ አንዱን `P0 CHANNEL A`፣ ሌላውን `P0 CHANNEL B`፣ የሁለቱንም ፍጥነት 3200 አሳየ። ልኬቱ 46.9 ጊጋባይት በሰከንድ ሆነ፤ ከ25.6 በላይ ስለሆነ ሁለተኛ ማረጋገጫ አያስፈልገውም። የሞዴሉ መዞር በሰከንድ 34 ምስል ደረሰ። ስሪዲ ሥዕሉን አምርቶ ለማውጣት የወሰደው ጊዜ ከ11 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ወደ 11 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ወረደ፤ ልዩነቱ ባንድዊድዝ ለዚያ ሥራ ምን ያህል ጥቂት ትርጉም እንዳለው ያሳያል። የመዞሩ ፍጥነት ባንድዊድዙ በእጥፍ ሲያድግ በእጥፍ አለማደጉም ተገቢ ነው፤ ባንድዊድዙ ሲሰፋ የግራፊክስ ክፍሉ የማስላት አቅም ራሱ ቀጣዩ ገደብ መሆን ይጀምራል።

በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲፈተሽ

ይህንኑ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ለሚፈትሽ ሰው ሁለት ልዩነቶችን መጥቀስ ይገባኛል። የመጀመሪያው የዲዲአር5 ነው። አንድ ዲዲአር5 ራም በውስጡ እያንዳንዳቸው 32 ሽቦ ያላቸው ሁለት ንዑስ ቻናሎች አሉት። አንዳንድ የመመርመሪያ ፕሮግራሞች አንድ ራም ብቻ የገባበትን ኮምፒውተር `2 x 32-bit` ብለው ስለሚያሳዩ ባለቤቱ ዱዋል ቻናል ያገኘ ይመስለዋል። ሁለት ጊዜ 32 ግን 64 ነው፤ ይህም ያው የአንድ ቻናል ስፋት ነው። በትክክል የተቀመጡ ሁለት ራሞች `4 x 32-bit` ሊያሳዩ ይገባል።

ሁለተኛው ራሞቹ በትክክለኛ ስሎት እያሉ ልኬቱ አሁንም አንድ ቻናል የሚያሳይበት፣ ወይም አንደኛው ራም ጭራሽ የማይቆጠርበት ሁኔታ ነው። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ ሁለቱን ራሞች ማለዋወጥ ይገባል። የማይታየው ራም ከስሎቱ ጋር ከቀረ ጥፋቱ የቻናሉ ነው፤ ከራሙ ጋር ከተዛወረ ጥፋቱ የራሙ ነው። ጥፋቱ የቻናሉ ሆኖ ከተገኘ፣ በተለይ ማቀዝቀዣ በቅርቡ ተነሥቶ ከነበረ፣ የፕሮሰሰሩን እግሮች ወይም የሶኬቱን ፒኖች መመልከት ያስፈልጋል። የቻናሉ ሽቦዎች በቀጥታ በእነርሱ በኩል ስለሚያልፉ አንዲት የተጣመመች ፒን አንድ ሙሉ ቻናል ልታጠፋ ትችላለች። እንደ 5600ጂ ያሉ ፕሮሰሰሮች እግሮቻቸው በራሱ በፕሮሰሰሩ ላይ ናቸው፤ ማቀዝቀዣው ያለ ጥንቃቄ ሲሳብ የደረቀው ፓስታ ፕሮሰሰሩን ከሶኬቱ አብሮ ነቅሎ ሊያወጣውና እግሮቹ ሊጣመሙ ይችላሉ። በዚህ ኮምፒውተር ቻናል ኤ ወዲያው ስለሠራ ፕሮሰሰሩን ማንሣት አላስፈለገም።

ፋኑ ከፍ በማለቱ ፕሮሰሰሩ እንዳይሞቅ ሰግቼ ሞዴሉን እንደ መጀመሪያው ለአሥር ደቂቃ አዞርሁት፤ ሙቀቱ 68 ዲግሪ ሆነ፣ ከበፊቱ በሁለት ዲግሪ ብቻ ይበልጣል። ከዚያ የራም መፈተሻ ፕሮግራም ሌሊቱን ሙሉ እንዲሠራ ትቼው አደርሁ፤ ጠዋት ላይ አንድም ስሕተት አልተመዘገበም። የጎን ክዳኑን ከመዝጋቴ በፊት `A2` እና `B2` የሚል ወረቀት በውስጠኛው ገጹ ላይ ለጠፍሁ፤ ቀጥሎ ማቀዝቀዣውን የሚያነሣ ሰው በፋኑ ጥላ ሥር ያለውን ጥቃቅን ጽሑፍ ማየት ሳይጠበቅበት ራሞቹ የት መመለስ እንዳለባቸው እንዲያውቅ።